ሻትል ራን፣ ሲት ኤንድ ሪች ወይስ ሌላ? ልጅ ሳናሳፍር የአካል ብቃት እንዴት እንለካ

«ቲቸር፣ ልጄ ስንተኛ ወጣች?»

ሰኔ ላይ ካርድ ስንሰጥ አንዲት እናት የጠየቁኝ ነው። የጠየቁት ስለ ሒሳብ ወይም ስለ እንግሊዝኛ አልነበረም። ስለ ሩጫ ነበር። ልጃቸው በጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ተለክታለች፤ ስለዚህ ደረጃ ይኖራታል ብለው አስበዋል። አልፈረድኩባቸውም። እኛ አገር የተለካ ነገር ሁሉ ደረጃ አለው።

እኔም ከእሳቸው የተሻልኩ አልነበርኩም። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት የ7ኛ ክፍልን የሻትል ራን ውጤት ከ1ኛ እስከ 61ኛ ደርድሬ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። በማግስቱ 61ኛዋ ልጅ ቱታዋን ረስታ መጣች። በሳምንቱም ረሳች። እንዲህ ስትረሳ ስትረሳ ሴሚስተሩ አለቀ። ነገሩ የገባኝ ካለፈ በኋላ ነው።

የማስተምረው ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከአቃቂ አለፍ ብሎ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው በኩል ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 60 ገደማ ልጅ አለ። ሜዳችን በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ስቶፕዎች አንድ፣ ሜትር አንድ፣ ስፒከር ደግሞ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ የሚለመን። «የትኛውን ፈተና ላሠራ?» ብሎ የሚጠይቅ የሙያ ባልደረባ ካለ ምናልባት የእኔው ዓይነት ሜዳ ላይ ቆሞ ይሆናል። ይህን የጻፍኩት ለእሱ ነው።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ፈተና ከመምረጤ በፊት አራት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ቁጥሩ ከመጣ በኋላ ምን እለውጣለሁ? ምንም የማልለውጥ ከሆነ ልጁን ማስሮጥ ለምን አስፈለገ? ሁለተኛ፣ ቁመታቸውም ዕድሜያቸውም የተለያየ ልጆች ላይ ቁጥሩ የሚናገረው ያንኑ ነገር ነው? ሦስተኛ፣ ልጁ ሲያቅተው ማን ያየዋል? አራተኛ፣ ሜዳው፣ ጊዜውና ዕቃው ይበቃል?

ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከአራተኛው ነው። ሜዳ አለ፣ ድምፁ ስልክ ላይ አለ፣ በቃ እናሠራ። ሦስተኛውን ግን ማንም አይጠይቅም። ልጆቹ ደግሞ ለዓመታት የሚያስታውሱት እሱን ነው።

ሻትል ራን

የ20 ሜትር ምልልሱን ሩጫ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጁት ሉክ ሌጄና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት መስመር በ20 ሜትር ርቀት ታሰምራለህ። ድምፅ በተሰማ ቁጥር ልጁ ከአንዱ መስመር ሌላው ላይ መድረስ አለበት። ፍጥነቱ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምርና በየደቂቃው በ0.5 ይጨምራል። ሁለት ጊዜ ከድምፁ የዘገየ ልጅ ያቆማል። አንዷን 20 ሜትር እኔ «አንድ ጉዞ» እላታለሁ። የምመዘግበውም የጉዞውን ብዛት ብቻ ነው፤ «ደረጃ 4» ምናምን ማለት ያምታታል።

ጥሩ ጎኑ ሩጫውን የሚመራው ድምፁ መሆኑ ነው። ልጁ ፍጥነቱን መመጠን አይጠበቅበትም። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ቀስ ያለች ሶምሶማ ስለሆነች ሁሉም ይሮጣታል። መጨረሻ ላይ የሚገኘው ቁጥር ስለ ልብና ሳንባ አቅም ጥሩ መረጃ ይሰጣል። ከሌሎቹ ሁሉ ከጤና ጋር ያለው ግንኙነት በደንብ የተጠናለት ይህኛው ነው። የአሜሪካው የሕክምና ተቋም (ኢንስቲትዩት ኦፍ ሜዲስን) በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ለትምህርት ቤት ከመከራቸው ልኬቶች አንዱ ምልልሱ ሩጫ ነበር።

የሚበላሸው የት ላይ ነው? መጀመሪያ ርቀቱ ላይ። አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ በሜትር ለካሁ፤ ግንቦት ላይ ሜትሩ ጠፋብኝና በእርምጃ ለካሁ። ክፍሉ በሙሉ ጉድ በሚያሰኝ ሁኔታ ተሻሻለ። ሜትሩ ሲገኝ ብለካው መስመሬ 18 ሜትር ከምናምን ነው። ልጆቹ ሳይሆኑ ሜዳው ነው ያጠረው።

ሁለተኛው ድምፁ ላይ ነው። ስልክ ላይ የሚወርዱት ቅጂዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ በ8.5 ሳይሆን በ8.0 ይጀምራል። መለያው ቀላል ነው፦ በመጀመሪያው ደቂቃ በሁለት ድምፅ መሀል ያለውን ጊዜ በስቶፕዎች ያዝ። 8.5 ሴኮንድ ገደማ ከሆነ በ8.5 የሚጀምረው ነው፤ ልክ 9 ሴኮንድ ከሆነ በ8.0 የሚጀምረው። የትኛውም ይሁን፣ ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ተጠቀም። ለ15 ሜትር የተሠራ ቅጂም አለ። ግቢህ 20 ሜትር ከሌለው እሱን ፈልግ እንጂ የ20 ሜትሩን ድምፅ አጭር ሜዳ ላይ አታጫውት።

አሁን ወደ ሦስተኛው መስፈርት ልመለስ። ሻትል ራን በዚህ በኩል ከሁሉም የባሰ ነው። ደካማው ልጅ መጀመሪያ ይወጣል። ሁሉም እያየው ብቻውን ወደ ዳር ይሄዳል። «ኤሊ» የሚል ቅጽል ስም የሚወጣው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። በተገላቢጦሹ መጨረሻ የቀረውም ቢሆን 59 ልጅ ከብቦት እየጮኸ ሲሮጥ ከአቅሙ በላይ ይሄዳል። ለወደቀው ማጨብጨብም መፍትሔ አይደለም። ብዙ መምህር ደግ ሥራ ይመስለዋል፤ ልጁ ግን ለምን እንደሚጨበጨብለት ያውቃል።

እኔ ያዋጣኝ የአደረጃጀት ለውጥ ነው። ልጆቹን ጓደኛቸውን እያስመረጥኩ በጥንድ አደርጋቸዋለሁ። አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ጉዞውን እየቆጠረ ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋል። በአንድ ጊዜ 15 ልጅ ይሮጣል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ስፋት ይበቃዋል። ሌላው 30 ልጅ ሜዳው ማዶ ጀርባውን ሰጥቶ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ርዝመት ይዘላል ወይም ገመድ ይዘላል። ያቆመ ልጅ አይቀመጥም። በዳር በኩል ቀስ ብሎ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይራመዳል፤ ከዚያ ከጓደኛው ጎን ሄዶ ሌላ ሰው ይቆጥራል። ከሩቅ ለሚያይ «ወደቀ» ሳይሆን «ወደ ቀጣዩ ሥራ ሄደ» ነው። አንድ ክፍል በዚህ ዓይነት ለመጨረስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል። ሁለት ክፍለ ጊዜ ከሌለህ ሻትል ራንን ባታሠራ ይሻላል።

በሰዓት የሚገደብ ሩጫ

ኬኔት ኩፐር በ1968 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ አየር ኃይል ያወጣው የ12 ደቂቃ ሩጫ ነው መሠረቱ። ለልጆች ወደ 9 ወይም 6 ደቂቃ ማሳጠር ይቻላል። ድምፅም ስፒከርም አይፈልግም። ከሁሉ የምወድለት ነገር ሁሉም በአንድ ጊዜ ጀምሮ በአንድ ፉጨት ማቆሙ ነው። የፈጠነውም የዘገየውም እኩል ሰዓት ሜዳ ላይ ነው። ማንም ቀድሞ አይወጣም።

ችግሩ ልጆች አሯሯጥ አያውቁም። የመጀመሪያውን ዙር እንደ 100 ሜትር ይበሩና ሁለተኛው ላይ ጎናቸውን ይዘው ይቆማሉ። ስለዚህ ቁጥሩ የልብና የሳንባ አቅም ብቻ ሳይሆን የልምምድም ነው። ሳያለማመዱ መለካት ዋጋ የለውም። ሁለት ሦስት ጊዜ «እያወራችሁ መሮጥ በምትችሉበት ፍጥነት ብቻ ሩጡ» እያልክ አለማምዳቸው። ሌላው ደግሞ ጠባብ ግቢ ውስጥ ዙሩ አጭር ስለሚሆን ቆጠራው ይምታታል። እኔ ለእያንዳንዱ ሯጭ በዙር አንድ የቆርኪ ክዳን አድላለሁ፤ መጨረሻ ላይ እጁ ያለውን ይቆጥራል። ያስቃል፣ ግን ስህተት የለውም።

ሲት ኤንድ ሪች

ቁጭ ብሎ፣ እግር ዘርግቶ፣ እጅን ወደ ፊት መስደድ። ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፈተና ነው። ሳጥን ብቻ ነው የሚፈልገው። ሠፈር ያለ አናጺ ከትርፍራፊ ኮምፔርሳቶ ይሠራዋል። ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ላዩ ላይ ማስመሪያ የተለጠፈበት።

ቀላል ስለሚመስል ነው የሚያሳስተው። የመጀመሪያው ወጥመድ ማስመሪያው ነው። እግር የሚያርፍበት ቦታ በአንዳንዱ ሳጥን 23 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ በካናዳው 26፤ በአውሮፓው 15። አንዷ ልጅ በአንዱ ሳጥን 26 ብታመጣ፣ በሌላው ያው ሰውነቷ ያው ቀን 18 ይሆናል። ከኢንተርኔት ሰንጠረዥ አውርዶ «ከአማካይ በታች ነሽ» ማለት የሚያስከትለውን አስቡት። ልጅቷ ምንም አልጎደላትም፤ የተለያየው አናጺው ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ሰውነት ነው። እጁ ረጅም፣ እግሩ አጭር የሆነ ልጅ ሳይለፋ ይደርሳል። በተቃራኒው በጉርምስና መግቢያ ላይ እግር ከወገብ በላይ ካለው አካል ቀድሞ ይረዝማል። ስለዚህ የ13 ዓመት ልጅ ምንም ሳይሆን ከዓመት ዓመት ውጤቱ ሊወርድ ይችላል። ፈተናው በዋናነት የሚለካው ከጭን ኋላ ያለውን ጡንቻ መለጠጥ ነው። ስለ ወገብ የሚነግረን ጥቂት ነው። «ይህን ያላመጣ ወደፊት ወገቡን ያመዋል» የሚለው ወሬም የተረጋገጠ አይደለም። ያው የ2012ቱ ሪፖርት የመተጣጠፍ ልኬትን ከጤና ጋር ለማያያዝ በቂ መረጃ የለም ብሎ ነው ያለፈው።

ሁለተኛውን ወጥመድ የሚያቃልል አሠራር አለ። ልጅቷ መጀመሪያ ጀርባዋንና ጭንቅላቷን ግድግዳ ታስደግፋለች። እግሯን ሳጥኑ ላይ ታደርጋለች። ሳትጎነበስ እጇን ስትዘረጋ ጣቷ የት ላይ እንደሆነ ይነበባል። ያ መነሻዋ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ ጎንበስ ትላለች፤ ሁለት ሴኮንድ ትይዛለች። ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ርቀት ነው ውጤቷ። የእጅና የእግር ርዝመት ልዩነት በአብዛኛው እዚህ ላይ ይጠፋል። የሳጥኑ ዜሮ የት ነው የሚለው ጭቅጭቅም አብሮ ይቀራል። ሲት ኤንድ ሪች የምታሠሩ ከሆነ ሌላ መንገድ አልመክርም።

ጉልበት እንዳይታጠፍ፣ እየነጠሩ እንዳይደርሱ፣ ሁሉም እኩል ተሟሙቀው እንዲመጡ ማየት ያስፈልጋል። ሌላ ማንም መመሪያ ላይ የማይጽፈው ነገር ደግሞ ጫማ ነው። ፈተናው ጫማ ያስወልቃል። በእኛ ሠፈር ጫማ ማውለቅ ማለት የተቀደደ ካልሲ ማሳየት ነው። ላብም አለ፣ ሽታም አለ። የደንብ ልብስ ቀሚስ የለበሰች ሴት ልጅ ደግሞ ሜዳ መሀል እግሯን ዘርግታ እንድትጎነበስ መጠየቅ ጭራሽ ነውር ነው። ስለዚህ ሳጥኑን ክፍል ውስጥ ጥግ ላይ አስቀምጣለሁ። ሁለት ሁለት ሆነው በጥንድ ይገባሉ፤ ሴቶች ከሴቶች ጋር። ቱታ ያልያዘች ሌላ ቀን ትለካለች።

ቆሞ ርዝመት መዝለል

በሁለት እግር ተነስቶ በሁለት እግር ማረፍ። ሦስት ሙከራ፣ የተሻለው ይመዘገባል። የሚለካው ከመነሻ መስመር እስከ ኋለኛው ተረከዝ ነው። የእግር ጡንቻ ኃይልን በደንብ ያሳያል፣ በአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሲሚንቶ ላይ አይሁን፤ አፈሩ ይኮትኮት። ውጤቱን ለማየት የሚሰበሰብ ስለማይኖር ከሻትል ራን ጎን ለማስኬድ ምቹ ነው። ቁመትና ክብደት ይጫኑታል፤ ስለዚህ ልጅን ከልጅ አታወዳድሩበት።

ፑሽ አፕን የተውኩት ብዙ ልጅ ዜሮ ስለሚያመጣ ነው። ዜሮ ምንም አይለካም። ክብደት መመዘንን ደግሞ ከነጭራሹ ከክፍለ ጊዜዬ አውጥቼዋለሁ። ሚዛን በልጆች ፊት አይወጣም።

በአንድ እይታ

| ልኬት | የሚናገረው | የሚያሳስተው | የማሳፈር አደጋ | የሚያስፈልገው |
|---|---|---|---|---|
| ሻትል ራን | የልብና ሳንባ አቅም | የመስመር ርቀት፣ የድምፅ ቅጂ | ከፍተኛ፤ በአደረጃጀት ይቀንሳል | 20 ሜትር ሜዳ፣ ስልክ፣ ስፒከር፣ 2 ክፍለ ጊዜ |
| 6 ወይም 9 ደቂቃ ሩጫ | ያው፣ ከአሯሯጥ ልምድ ጋር | ቀድሞ መፍጠን፣ የዙር ቆጠራ | ዝቅተኛ | ዙሪያ ሜዳ፣ ሰዓት፣ ቆርኪ |
| ሲት ኤንድ ሪች (ተራው) | የጭን ኋላ ጡንቻ መለጠጥ | የሳጥኑ ዜሮ፣ የእጅና እግር ርዝመት | መካከለኛ (ጫማ፣ ቀሚስ) | ሳጥን |
| ሲት ኤንድ ሪች (ከግድግዳ) | ያው፣ ርዝመቱ ተስተካክሎ | ጉልበት ማጠፍ | መካከለኛ | ሳጥን፣ ግድግዳ፣ ጥግ |
| ቆሞ ርዝመት መዝለል | የእግር ኃይል | ቁመት፣ ክብደት | ዝቅተኛ | ሜትር፣ የተኮተኮተ አፈር |

ቁጥሩን ማንበብ

አንዷን የ7ኛ ክፍል ልጅ ልውሰድ። ጥቅምት ላይ 23 ጉዞ ሮጠች። ግንቦት ላይ 27። ሲት ኤንድ ሪች በተራው አነባበብ ከ22 ወደ 21 ወረደች። ደረጃ የለመደ መምህር «በሩጫ ተሻሽላለች፣ በመተጣጠፍ ወድቃለች» ብሎ ካርዷ ላይ ይጽፋል። ሁለቱም ስህተት ነው።

ከሩጫው እንጀምር። በፊት አሥር ልጆችን በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ አሩጬ ነበር። በሳምንት ውስጥ የማንም አቅም አይለወጥም። ሆኖም ቁጥራቸው እስከ 4 ጉዞ ድረስ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። እንቅልፍ፣ ቁርስ፣ ነፋስ፣ አንድ መዞሪያ ላይ መንሸራተት፤ ብዙ ምክንያት አለው። ስለዚህ በእኔ ሜዳ ከ4 ጉዞ ያልበለጠ ለውጥ ለውጥ አይባልም። ከ23 ወደ 27 ማለት «እንደነበረች ናት» ማለት ነው። የእናንተ ሜዳ ልክ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ያንኑ አሥር ልጅ ሁለት ጊዜ አሩጡና እወቁት። ይህን ሳያደርጉ «ጎበዝ፣ ተሻሻልሽ» ማለት በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሩ በ3 ሲወርድ «ሰነፍሽ» ለማለት መንገድ ይከፍታል።

መተጣጠፉስ? ከግድግዳ መነሻዋን ይዘን ነበር። ጥቅምት ላይ መነሻዋ 5፣ መድረሻዋ 22፤ የተጓዘችው 17 ሴንቲ ሜትር። ግንቦት ላይ መነሻዋ 2፣ መድረሻዋ 21፤ የተጓዘችው 19። መነሻዋ ወደ ኋላ የሸሸው እግሯ ስለረዘመ ነው። በዓመቱ ውስጥ ሱሪዋ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ መውጣቱም ይመሰክራል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ትንሽ ስለሆነ «ተሻሻለች» አልልም። «ወድቃለች» ግን በፍጹም አይባልም።

ብዙ ጊዜ ከስልክ ላይ የሚወርድ ማስያም አለ። የሻትል ራን የመጨረሻ ፍጥነትና ዕድሜ ስታስገባ የኦክስጅን አጠቃቀም አቅም ያወጣልሃል። ቀመሩ የሌጄ ነው፤ S ፍጥነት፣ A ዕድሜ፦

```
VO2max = 31.025 + 3.238*S - 3.248*A + 0.1536*S*A
```

በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ላይ ያቆመ የ13 ዓመት ልጅ 41 ገደማ ያገኛል። ያው ልጅ ዕድሜው 15 ተብሎ ቢገባ 38 ገደማ ይሆናል። ሩጫው አልተለወጠም። የተለወጠው መዝገቡ ላይ ያለው ዕድሜ ነው። እኛ ጋ ከገጠር ዘግይቶ የገባ፣ የልደት ቀኑ በግምት የተጻፈ ልጅ ብዙ ነው። አንድ 7ኛ ክፍል ውስጥ የ12ም የ16ም ዓመት ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ስለዚህ ይህን ማስያ አልጠቀምም፤ ጉዞውን ቆጥሬ አቆማለሁ።

የዕድሜ ሰንጠረዡንም እንዲሁ። አብዛኛው የተሠራው ዝቅተኛ ቦታ ላይ በሚኖሩ ልጆች ነው። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ነው፤ እንጦጦ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። አየሩ በሳሳ ቁጥር ረጅም ሩጫ ይከብዳል። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ይችለዋል፤ ከቆላ በቅርቡ የመጣ ልጅ ግን መጀመሪያ ላይ ይቸገራል። ሁለቱን በአንድ ሰንጠረዥ ማየት፣ ወይም እንጦጦ ሥር ያለ ትምህርት ቤትን ከእኛ ጋር ማወዳደር ውሃ አያነሳም።

በነገራችን ላይ አሜሪካኖቹም በዚህ ተምረዋል። ለአሥርተ ዓመታት የፕሬዚዳንቱን የአካል ብቃት ሽልማት ያገኝ የነበረው በእያንዳንዱ ፈተና ከ100 ልጅ 85ቱን የበለጠ ነው። በአሠራሩ ብቻ አብዛኛው ልጅ ሳይሸለም መቅረቱ የታወቀ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ያንን ትተው ለጤና በቂ የሆነ ልክ ወደሚያይ አሠራር ዞሩ። በቅርቡ ወደ ድሮው ለመመለስ ወስነዋል፤ እሱ የራሳቸው ጉዳይ ነው።

መቼ አይለካም

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። እስከ 9 ሰዓት የማትበላ ልጅን 4 ሰዓት ላይ እስክትደክም ማስሮጥ ልኬት አይደለም። ረመዳንም እንደዚሁ፤ እሱ ደግሞ በየዓመቱ ስለሚዞር ቀን መቁጠሪያ ማየት ይገባል። እኔ የመጀመሪያውን ጥቅምት ላይ፣ ጭቃው ሲደርቅ እለካለሁ፤ ሁለተኛውን ከፋሲካ በኋላ ግንቦት ላይ። በሁለቱም ጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ከቁርስ ምገባው አንድ ሰዓት በኋላ። ሰዓቱ ከተለያየ ቁጥሩም ይለያያል።

ከሩጫው በፊት በነበረው ሳምንት ለብቻ እየጠራሁ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ስትሮጥ ደረትህን ያምሃል? ራስህን ስተህ ታውቃለህ? አስም ወይም የልብ ሕመም ተብለህ ታውቃለህ? ከቶንሲል በኋላ የሚመጣ የልብ ቫልቭ ሕመም በአገራችን ልጆች ላይ ብርቅ አይደለም። አንዱን «አዎ» ያለ ልጅ አይሮጥም፤ ጤና ጣቢያ ይላካል። ስቶፕዎቹን እንዲይዝ አደርጋለሁ። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅም ምክንያት ሳትናገር «ዛሬ እቆጥራለሁ» ማለት ትችላለች።

ለማን የቱ?

ያለህ ስልክና አቧራ ሜዳ ብቻ ከሆነ፣ ጊዜህም አንድ ክፍለ ጊዜ ከሆነ፣ የ6 ደቂቃውን ሩጫና ርዝመት ዝላይን ውሰድ። ማሳፈሩ ትንሽ ነው፣ ወጪው የቆርኪ ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜና ስፒከር ካለህ፣ በጥንድ ማስኬድ ከቻልክ፣ ሻትል ራን የተሻለ ቁጥር ይሰጥሃል። ሲት ኤንድ ሪችን የምጨምረው የመለጠጥ እንቅስቃሴ በማስተምርበት ሴሚስተር ብቻ ነው፤ ልጆቹ የሠሩትን በቁጥር እንዲያዩት።

ገንዘብ ያለው የግል ትምህርት ቤት የእጅ ጭብጥ መለኪያ መግዛት ይችላል። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ያው የ2012ቱ ሪፖርትም መክሮታል። ግን ለመጀመሪያ ወጪ የምመክረው 30 ሜትር የሚሆን የጨርቅ ሜትርና አራት ኮን ነው። ከ4ኛ ክፍል በታች ላሉት ምንም አትለኩ፤ አኩኩሉ ያጫውቷቸው። ለትምህርት ቤቱ የሩጫ ቡድን ልጅ መምረጥ የምትፈልጉ ደግሞ ከክፍለ ጊዜ ውጪ፣ በፈቃዳቸው የመጡትን ሞክሩ። ሁለቱን ሥራ አታዳቅሉ።

ውጤቱ ከተከታታይ ምዘናው ውስጥ አይገባም። እኔ ነጥብ የምሰጠው በትክክል ለቆጠረ፣ የልቡን ምት አንጓው ላይ ይዞ በ15 ሴኮንድ ለለካ፣ ከቁጥሩ ተነስቶ ለወሩ አንድ ነገር ላቀደ ነው። ይህን 61ኛዋም ልጅ ሙሉ ነጥብ ልታገኝበት ትችላለች። ስም ጠርቼ ቁጥር አላነብም። ወረቀቱ በልጁ ደብተር ውስጥ ይቀመጣል፤ የእኔ መዝገብ ላይ ደግሞ ለየት ያለ ለውጥ ያሳዩት ብቻ። ቁጥሩ በአንዴ በጣም የወረደ ልጅ ሲኖር አልወቅሰውም፤ ለብቻ ጠርቼ ስለ ቁርስ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጤናው እጠይቀዋለሁ። አንዱ እንዲህ ስጠይቀው ሌሊት ከአጎቱ ጋር ዳቦ ቤት እንደሚሠራ ነገረኝ።

ለእናትየው ምን መለስኩላቸው?

«እናቴ፣ እዚህ ስንተኛ የሚባል የለም። ጥቅምት ላይ 23 ጊዜ ተመላልሳ ነበር፣ ግንቦት ላይ 27። እንደነበረች ናት ማለት ነው፤ ደህና ናት።»

«ታዲያ ከእነ ማን ታንሳለች?»

«ይኸው ደብተሯ፣ ከራሷ ጋር ነው ያወዳደርኳት።»

ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «ቁመቷ አድጎ የለ እንዴ? ቱታዋ አጥሯታል» አሉ። ያስተዋሉት እሳቸው ናቸው። እኔ የግድግዳውን መነሻ አሳየኋቸው፤ 5 የነበረው 2 ሆኗል። ለመስከረም አዲስ ቱታ እንገዛላታለን ብለው ካርዷን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።